ለቈጠራ የተለየ የጧት ሰዓት፤ በሽሮ ሜዳ ሱቅ የሰው ጉዳይ እንዴት ይስተናገዳል?

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ ሽሮ ሜዳ በሚባለው ሰፈር የተመላለሰ ሰው ሁሉ የሀገር ልብስ ተሰቅሎ የሚታይባቸውን ሱቆች ያውቃቸዋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ደግሞ፥ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን በጕድጓድ ውስጥ አድርገው ከድርና ከማግ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። ሸማኔው ተራውን ሸማ በሚሠራበት ጊዜ መወርወሪያውን እየወረወረ ከጐረቤቱ ጋር ሊጫወት ይችላል። ወደ ጥለቱ በደረሰ ጊዜ ግን የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረ ማንሣት አለበትና ጨዋታውን ይተዋል። በቈጠራው ከተሳሳተ ስሕተቱ በሸማው ጠርዝ ላይ ለሚያየው ሁሉ ተገልጦ ይቀራል።

በሱቁ ውስጥም እንደ ጥለት ቈጠራ ያለ ሥራ አለ። ወደ ውጭ ሀገር የሚላከውን ዕቃ በየልኩ መለየት፥ የዕቃውን ዝርዝር ከሒሳቡ ጋር ማመሳከር፥ የወሩን ግብር ለማስታወቅ ደረሰኞችን መደመር፥ እነዚህ ሁሉ ከመካከል ሲቋረጡ የሚበላሹ ናቸው። ልዩነቱ ሸማኔው ክር ሲቈጥር በዐይን ይታያል፤ ባለሱቁ ግን በራሱ ውስጥ ሲቈጥር አይታይም። በሩ ክፍት ነው፥ ባለቤቱም ቆሞአል፤ ስለዚህ የመጣው ሰው ሁሉ ሥራ እንደ ፈታ አድርጎ ያነጋግረዋል። የመጣውን ሰው ሳያስቀይሙ፥ ደግሞም የጀመሩትን ቈጠራ ሳያበላሹ እንዴት ማስተናገድ እንደሚቻል፥ አንድ ምሳሌ ይዘን በዝርዝር እንመልከት።

በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። በዋሺንግተን ከተማ ለሚኖር ደንበኛዋ ለሠርግ የሚሆን 48 ቀሚስ፥ ከየነጠላውና ከየመቀነቱ ጋር፥ እንድትልክ ታዝዛለች። ልኩ አራት ዐይነት ሲሆን፥ ከእያንዳንዱ ልክ 12 ቀሚስ ይፈለጋል። ልብሱ ተሠርቶ አልቆ በሱቁ ተከምሮአል። የቀረው ሥራ እያንዳንዱን ቀሚስ መዘርጋት፥ ቁመቱንና ወገቡን መለካት፥ የቀሚሱ ጥለት ከነጠላውና ከመቀነቱ ጥለት ጋር መግጠሙን ማየት፥ እድፍና የተበጠሰ ክር አለመኖሩን መመርመር፥ ከዚያም በዝርዝሩ ላይ መጻፍ ነው። ለአንድ ቀሚስ 3 ደቂቃ ቢበቃ፥ ለ48ቱ 144 ደቂቃ፥ ማለት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነጋዴይቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምራ በ4 ሰዓት ተኩል ለመጨረስ አሰበች። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሒሳቡም ስሌት አልተሳሳተም።

አሁን ቀኑን እንከተለው። ገና ሥራው እንደ ተጀመረ የጐረቤቱ ባለሱቅ ልጁን ልኮ ዝርዝር ገንዘብ አስጠየቀ፤ ይህ 2 ደቂቃ ፈጀ። ቀጥሎ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ፤ ዋጋ ተጠየቀ፥ ተከራከሩ፥ ገዢውም «ዞር ብዬ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ፤ 12 ደቂቃ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ለክር መግዣ ቀብድ ሊጠይቁ መጥተው 9 ደቂቃ ቆዩ። የዕቁቡ ሰብሳቢ 4 ደቂቃ ወሰደ። አንዲት ወዳጅ ለሰላምታ ብቅ ብላ 6 ደቂቃ ተጫወተች። ስልክ ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ አንዱ 5፥ ሁለተኛው 7 ደቂቃ። ይህ ሁሉ ሲደመር 45 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ነጋዴይቱ በ5 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትጨርሳለች ብለን ልንገምት እንችላለን። ነገር ግን አትጨርስም።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ክምሩ መመለስ ይገባል። ደላላው በመጣ ጊዜ በእጅዋ የነበረው ቀሚስ ተለክቶአል ወይስ አልተለካም? በስተቀኝ የተቀመጠው ክምር የታየው ነው ወይስ የሚታየው? ሁለተኛው ልክ ስንት ደርሶ ነበር? ይህን ማስታወስ ስላልቻለች ሦስት ያህል ቀሚሶችን እንደ ገና ትዘረጋለች። ሦስት ቀሚስ ማለት 9 ደቂቃ ነው። ሰባት ጊዜ ተቋርጣለችና 63 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ 144 ለሥራው፥ 45 ለሰው መልስ፥ 63 ደግሞ የጠፋውን ቦታ ለመፈለግ፥ በጠቅላላው 252 ደቂቃ፥ ማለት 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሆነ። ቀኑ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ደርሶአል። ነጋዴዎች ስለዚህ ነገር በተነጋገሩ ቍጥር «ሰው ጊዜዬን በላው» ይላሉ። ስሌቱ ግን ሌላ ያሳያል፤ ሰው የወሰደው 45 ደቂቃ ሲሆን፥ ቦታውን በመፈለግ የጠፋው ከዚያ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው መድኃኒቱን በጠያቂዎቹ ላይ ብቻ ይፈልጋል፤ ከዚህም የተነሣ ሰው ማስቀየም ይጀምራል።

የጊዜው መጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ በቀላሉ በታለፈ። የከፋው ግን ቦታው የጠፋ መሆኑ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሁለት ቀሚሶች ሁለት ጊዜ ተቈጥረው ቢጻፉ፥ በዝርዝሩ ላይ 48 ይነበባል፥ በካርቶኑ ውስጥ ግን 46 ይሄዳል። ስሕተቱ የሚገለጠው ባሕር ማዶ፥ ልብሱ ለሚዜዎች በሚታደልበት ቀን ነው። ሸማኔው ሌላ ጥለት አስገብቶ፥ ሰፊው ሰፍቶ፥ በአውሮፕላን እስኪላክ ድረስ ደግሞ የሠርጉ ቀን አይጠብቅም። ደንበኛውም የሚያጠፋው የሁለት ቀሚስ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ትእዛዙን ለሌላ ሱቅ ይሰጣል።

በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ ሀገር የተደረገ ምርምር ለእኛም ሱቅ የሚጠቅም ነገር አለው። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲሻገር ሐሳቡ በሙሉ አብሮ እንደማይሻገር፥ ከፊሉም በተተወው ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር አሳይተዋል። ስለዚህ ነጋዴይቱ ከሸማኔው ጋር ስትነጋገር ልቧ ከቀሚሱ ክምር ላይ ነው፤ ለሸማኔውም ሙሉ ጆሮ አልሰጠችም። እኚሁ ተመራማሪ ከቴሬዛ ግሎም ጋር ሆነው በ2018 ዓ.ም. ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ መፍትሔውን አመልክተዋል። ሰው ሥራው ሲቋረጥበት፥ ወደ ጠራው ጉዳይ ከመሄዱ በፊት የት እንደ ደረሰና ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ ቢጽፍ፥ የተንጠለጠለው ሐሳቡ ይለቀዋል፤ በመካከል የገባውንም ጉዳይ በተሻለ ሁኔታ ይፈጽማል።

ይህ በሽሮ ሜዳ ሱቅ ሲተረጐም እጅግ ቀላል ነው። በመቍጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ቍራጭ ወረቀትና እርሳስ ይቀመጣል። ሰው ሲመጣ፥ ነጋዴይቱ ራስዋን ቀና አድርጋ «እንደምን አደሩ፥ አንድ ጊዜ» ትልና «ሁለተኛ ልክ፥ 7 ታይቶአል፤ የስምንተኛው መቀነት ይታይ» ብላ ትጽፋለች። ወረቀቱን በስምንተኛው ቀሚስ ላይ በመርፌ ትወጋዋለች። ይህ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በተመለሰች ጊዜ ሦስት ቀሚስ እንደ ገና መዘርጋት አያስፈልጋትም፤ ወረቀቱን አንብባ ትቀጥላለች። ከዚህም ሌላ የታየውንና ያልታየውን በሁለት የተለያየ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ መከመር ይጠቅማል፤ ክምሮቹ ሲመሳሰሉ ወረቀትም ቢኖር ይምታታልና። በዚህ ዘዴ ብቻ፥ አንድም ሰው ሳይመለስ፥ ከ63ቱ ደቂቃ አብዛኛው ይድናል።

ሆኖም ጠያቂዎቹ ሰባት መሆናቸው አልቀረም። ስለዚህ ወደ መልሱ እንምጣ።

በገበያችን ከሁሉ የተለመዱት መልሶች «እሺ»፥ «ቆይ» እና «ነገ ና» ናቸው። እነዚህ መልሶች ጨዋነት ያላቸው ይመስላሉ፤ ሰውን ፊት ለፊት እንቢ ከማለትም ያድናሉ። ነገር ግን በውስጣቸው ሰዓት የለም። ሰዓት ያልተሰጠው ሰው መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ደጋግሞ ይመጣል። ሸማኔው «ነገ» ከተባሉ፥ ነገ በ2 ሰዓት መጥተው «አሁን አይመቸኝም» ሲባሉ፥ በ4 ሰዓት ይመለሳሉ፤ ካልሆነም በሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጥንት በመኳንንት ቤት ደጅ መጥናት ይባል የነበረው ይኸው ነው። ደጅ የሚጠና ሰው የራሱን ቀን ብቻ አያጠፋም፤ በተቀመጠበት ሆኖ የባለቤቱን ዐይን ይስባልና የባለቤቱንም ቀን ያጠፋል። በሽሮ ሜዳ ደግሞ ደጅ የሚጠናው ሸማኔ ከሆነ፥ እርሱ በጠበቀበት ሰዓት ሁሉ የሽመና ዕቃው ቆሞአል ማለት ነው፤ ነጋዴይቱም የምትሸጠው ያንኑ ያልተሠራውን ሸማ ነው።

እንግዲህ ለመልስ የሚያስፈልገው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው የተቈረጠ ሰዓት፥ ሁለተኛው በዚያ ሰዓት የሚደረገው ነገር። ሽማግሌው መጥተው፥
«እትዬ፥ ለክር የምትሆን ጥቂት ቀብድ ፈልጌ ነበር» ቢሉ፥
«ጋሼ፥ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይምጡልኝ። የጨረሷቸውን ሁለት ነጠላዎች ይዘው ይምጡ፤ አይቼ ሒሳቡን እዘጋና የሦስተኛውን የክር ገንዘብ እሰጥዎታለሁ» ብላ ትመልሳለች፤ በፊታቸውም በደብተሯ ትጽፈዋለች።

በፊታቸው መጻፏ ትርጕም አለው። ሽማግሌው ጕዳያቸው እንዳልተጣለ በዐይናቸው አይተው ይሄዳሉ፤ እስከ አምስት ሰዓትም ወደ ሽመናቸው መመለስ ይችላሉ። እርስዋም የተነገራትን በራስዋ መሸከም ስለማያስፈልጋት ወደ ስምንተኛው ቀሚስ ትመለሳለች። ነገሩ በጠቅላላው ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጸናው በአምስት ሰዓት በቦታዋ ከተገኘች ብቻ ነው። ሽማግሌው በሰዓቱ መጥተው «ዛሬ ሥራ በዛብኝ» ከተባሉ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ ሲሰጣቸው እንደ «ነገ ና» አድርገው ይሰሙታል፤ ወሬውም በሸማኔዎች ዘንድ ፈጥኖ ይዛመታል። በዚህ ምክንያት ለጠያቂዎች የተቈረጠውን ሰዓት ከቈጠራው ማለቂያ ጋር ማጣበቅ አይገባም። ቈጠራው በ4 ሰዓት ተኩል ያልቃል ተብሎ ከታሰበ፥ ሰው የሚቀጠረው ለ5 ሰዓት ነው። መካከል ላይ ያለው ግማሽ ሰዓት የሥራው ትርፍራፊ የሚወድቅበት ነው።

ገዢን በሚመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሱቅ የሚኖረው በገዢ ነውና ደላላ ያመጣውን ሰው «በአምስት ሰዓት ተመለስ» ማለት ለጐረቤት ሱቅ ማስረከብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀጠሮ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር፤ ሥራውም ወደ ጌታው ማን እንደሚገባና መቼ እንደሚገባ ማስተናገድ ነበር። በሱቅ ውስጥም ረዳቱ ልጅ ለሁለት ሰዓት ተኩል አጋፋሪ መሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ አስቀድሞ ካልተወሰነለት አጋፋሪነቱ ከንቱ ነው። ብዙ ባለሱቆች «ማንም እንዳይረብሸኝ» ብለው ለረዳታቸው ይነግራሉ፥ ዋጋ የመወሰን ፈቃድ ግን አይሰጡትም። ከዚያም ረዳቱ በየአምስት ደቂቃው «ስንት ልበላቸው?» እያለ ይመጣል። በዚህን ጊዜ የሚረብሸው ገዢው አይደለም፤ ያልተሰጠው ሥልጣን ነው።

ስለዚህ ማታ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፥ በነገው ጧት ለሽያጭ በሚወጣው በእያንዳንዱ ልብስ ጀርባ የመጨረሻው ዋጋ በሱቁ ሰዎች ብቻ በሚታወቅ ምልክት ይጻፋል። ረዳቱ እስከዚያ ድረስ ተከራክሮ መሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በታች ግን አይችልም። ከዚያ በታች የሚጠይቅ ገዢ ቢመጣ፥ ወደ ባለቤትዋ የሚሄደው የሚገዛው ብዛት ብዙ ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህም ብዛት፥ ለምሳሌ 10 ነጠላ፥ አስቀድሞ ይነገረዋል። ደላላውንም በሚመለከት ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ረዳቱ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ደላላው ከገዢው ጋር ከጨረሰ በኋላ ስለ ራሱ ድርሻ ባለቤትዋን ይጠራልና። አሠራሩ በትክክል መሄዱን የምትመረምረው በደብተሯ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዐይነት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ወደ እርስዋ ከደረሰ፥ ረዳቱን መገሠጽ ሳይሆን በዚያ ጥያቄ ላይ ሥልጣን መስጠት ነው የሚገባት።

ዝርዝር ገንዘብ የሚያስጠይቀው ጐረቤትና የዕቁቡ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚቀልሉ ናቸው፤ ሁለቱም አስቀድሞ በሚታወቅ ጕዳይ ይመጣሉና። ማታውን ዝርዝር ተዘጋጅቶ በረዳቱ መሳቢያ ይቀመጣል፤ የዕቁቡም ገንዘብ ከነ ስሙ ተጠቅልሎ እዚያው ይጠብቃል። ለጐረቤት ዝርዝር መከልከል ግን አይገባም። ዛሬ የተከለከለ ጐረቤት ነገ ሱቅ ጠብቅልኝ ሲሉት አይጠብቅም፤ በሽሮ ሜዳ ደግሞ ጐረቤት ሳይጠብቅለት ለጸሎትም ሆነ ለባንክ የሚወጣ ባለሱቅ የለም። ለሰላምታ ብቅ ላለችው ወዳጅም ቢሆን ቆሞ ሰላም ብሎ «ቡናው በአምስት ሰዓት ተኩል ይፈላል፥ አትቅሪ» ማለት ከግማሽ ልብ ጨዋታ ይሻላል።

ስልክን በሚመለከት ነጋዴዎቻችን ሁሉ አንድ ዐይነት ሰዓት ቢመርጡ አይጠቅማቸውም፤ እያንዳንዱ ደንበኛው ያለበትን ሀገር ሰዓት ማየት አለበት። አዲስ አበባና ዋሺንግተን በበጋቸው በሰባት፥ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ይለያያሉ። በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዚያ ወይ እኩለ ሌሊት ነው፥ ወይ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት አልፎአል። ስለዚህ የሀገር ልብስ ወደ አሜሪካ ለሚልክ ሰው ጧቱ ከባሕር ማዶ ጥሪ ነጻ ነው፤ ደንበኛው መደወል የሚጀምረው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ዕቃ ከቻይና ለሚያስመጣው ነጋዴ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ ጧት 2 ሰዓት ሲሆን በጓንጁ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ሆኖአል፤ የዚያ ሀገር ነጋዴም ቢሮውን ከመዝጋቱ በፊት የሚያገኘው የእኛን ጧት ነው። ጓንጁ ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ሲዘጋ በእኛ ገና 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአስመጪው ለቈጠራና ለሒሳብ የሚሻለው ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ጧቱን ለቈጠራ ለይቶ ስልኩን የዘጋ አስመጪ ከሻጩ ጋር የሚገናኝበትን ሰዓት በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው፤ ያልተመለሰለትም ጥያቄ ለአንድ ቀን ይዘገያል።

በተለየው ሰዓት ውስጥ ስልኩ ከቈጠራው ጠረጴዛ ላይ መነሣት ይኖርበታል። ድምፁ ጠፍቶ በአጠገብ ቢቀመጥ ብርሃኑ በበራ ቍጥር ዐይን ይሰርቃል። ረዳቱ ይዞት የደወለውን ሰውና ጕዳዩን በደብተር ቢጽፍ ይበቃል። ለቤተ ሰብ ግን አንድ ምልክት መስጠት ይገባል፤ ለምሳሌ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ከተደወለ ረዳቱ ስልኩን ወዲያው ያቀርባል። ቤተ ሰብ ይህን ካላወቀ፥ ነጋዴይቱ ራስዋ «ልጄ ታሞ ይሆን?» እያለች ሐሳቧ ከስልኩ ጋር ይሆናልና ዝምታው አይጠቅማትም።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ጕዳዮችም አሉ። የለቅሶ ወሬ ሲመጣ ሥራው ይቆማል፤ ይህን ለክርክር የሚያቀርብ ሰው በሽሮ ሜዳ አይገኝም። ቍራጭ ወረቀቷን ጽፋ፥ በቀሚሱ ላይ ወግታ፥ ክምሩን በጨርቅ ሸፍና ትሄዳለች፤ በማግስቱ ከዚያው ትቀጥላለች። የመንግሥት ግብር መርማሪም ደብዳቤ ይዞ ከመጣ በክብር ይቀበሉታል፤ ለርሱ የሚጠቅመው ፈቃዱ፥ የደረሰኙ ጥራዝና ያለፉት ወራት የግብር ማስታወቂያ በአንድ ማኅደር ተሰብስቦ መገኘቱ ነው። ማኅደሩ ተዘጋጅቶ ከተገኘ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ወረቀቱ በየመሳቢያው ከተበተነ ግን ጧቱ በሙሉ ያልቃል።

ከዚህም ሌላ ይህ ሥርዓት የማይሠራባቸው ቀኖች አሉ። በጳጕሜን፥ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንትና በፋሲካ ዋዜማ፥ ሽሮ ሜዳ ከጧት እስከ ማታ በገዢ ይጨናነቃል። በእነዚህ ቀናት በሱቅ ውስጥ ቈጠራ ማቀድ ራስን ማታለል ነው፤ ረዳቱም ገዢውን ብቻውን አይችለውም። ለውጭ የሚላከው ትእዛዝ ወይ ቀደም ብሎ ይለያል፥ ወይ በቤት ይሠራል። ረዳት የሌለውም ባለሱቅ ከላይ የተነገረው ሁሉ አይመቸውም። ለእርሱ የሚሻለው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ያለው ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ነው። በሩን ገርበብ ማድረግ ግን አይበቃም፤ ገርበብ ያለ በር ከተከፈተ በር ይልቅ ሰውን ያጓጓል፤ እያንዳንዱም አላፊ አንገቱን ያስገባል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይሻላል። በዚህ ሰዓት ግን አንድ ጧት ሠላሳ ቀሚስ እንጂ 48 አያልቅምና ሥራውን በሁለት ጧት መክፈል ይኖርበታል።

አሁን ያንኑ የ48 ቀሚስ ትእዛዝ በዚህ አሠራር እንደ ገና እናስላው። የጐረቤቱ ልጅ፥ የዕቁቡ ሰብሳቢ፥ ደላላውና ስልኩ ከረዳቱ ዘንድ ይቀራሉ። ወደ ነጋዴይቱ የሚደርሱት ሽማግሌው ሸማኔ፥ ለሰላምታ የመጣችው ወዳጅና፥ ምናልባት 10 ነጠላ በአንድ ጊዜ የሚገዛ አንድ ሰው ናቸው። ለሸማኔው 2፥ ለወዳጅዋ 2፥ ለገዢው 12 ደቂቃ እንስጥ፤ 16 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ለመጻፍና ወረቀቱን አንብቦ ለመቀጠል ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ ቢታሰብ 3 ነው። ከ144ቱ ጋር ሲደመር 163 ደቂቃ፥ ማለት 2 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው እቅድ፥ በ4 ሰዓት ተኩል ማለቁ፥ አሁንም ቢሆን አልደረሰም፤ በ13 ደቂቃ ያልፋል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ለዚሁ ሲባል ነው ግማሽ ሰዓቱ የተተወው። ቀድሞ ከወሰደባት 252 ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር 89 ደቂቃ ድኖላታል፤ ከዚህም በላይ ቈጠራው አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ነውና በዝርዝሩ ላይ ያለው ቍጥርና በካርቶኑ ውስጥ ያለው ቍጥር አንድ ይሆናል።

በዚህ ስሌት ካርቶኑ በ4 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይታሰራል። ሽማግሌው ሸማኔ ሁለቱን ነጠላዎች በብብታቸው ይዘው በአምስት ሰዓት ሲደርሱ፥ ነጋዴይቱ ጠረጴዛውን ጠርጋ፥ የክሩን ገንዘብ ቈጥራ አስቀምጣ ትጠብቃቸዋለች።